ስምንት ወር የዘለቀውን ውለታ ማቆም

«አብረውኝ የሚሠሩ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ባልደረባ አሉ። ሥራ ስጀምር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከስምንት ወር በፊት ልጃቸው ታሞ ሆስፒታል ሲመላለሱ የወር መጨረሻ የሽያጭ ሪፖርታቸውን እንድሠራላቸው ጠየቁኝ፤ በደስታ ሠራሁ። ልጁ ድኗል፣ እኔ ግን እስካሁን በየወሩ እየሠራሁ ነው። ግማሽ ቀን ይወስድብኛል፤ የራሴን ሥራ አምሽቼ እጨርሳለሁ። ባለፈው ወር ራሴን አሞኛል ብላቸው ‹ችግር የለም፣ ነገ ትሠሪዋለሽ› አሉኝ። ሳላስቀይማቸው እንዴት እምቢ ልበላቸው?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ባልደረባሽ «ነገ ትሠሪዋለሽ» ያሉት ጨክነውብሽ አይመስለኝም። ራስ ምታት የዛሬ ችግር ነው፤ ለዛሬ ችግር ደግሞ ነገ መፍትሔ ይሆናል። አንቺ እምቢ ያልሽ መስሎሽ ነበር፣ እሳቸው የሰሙት ግን ቀኑ ይለወጥልኝ የሚል ጥያቄ ነው፤ ፈቀዱልሽ። እንግዳ መጣብኝ፣ ኮምፒውተሬ ተበላሸ፣ ቀጠሮ አለብኝ ብትያቸውም መልሱ ያው ነው። ሰበብ ሁሉ የሚያልፍበት ቀን አለው፤ ያ ቀን ሲደርስ ሪፖርቱ ጠረጴዛሽ ላይ ይሆናል። ስለዚህ የተሻለ ሰበብ መፈለግሽን ተዪ። የሚያስፈልግሽ አንድ ጊዜ የተወሰነ፣ በግልጽ የተነገረ ውሳኔ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ምናልባት ቁጣሽን ትንሽ ያበርድልሽ ይሆናል። ፍራንሲስ ፍሊን እና ቫኔሳ ሌክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎችን የማያውቋቸውን ሰዎች ትብብር እንዲጠይቁ ላኳቸው፤ ከመሄዳቸው በፊት ግን ስንት ሰው ብትጠይቁ የሚፈለገውን ያህል እሺታ ታገኛላችሁ ብለው አስገመቷቸው። ግምቱ ከሆነው በጣም የራቀ ነበር፤ ሰዎች ጠያቂዎቹ ከጠበቁት እጅግ በቀለለ ሁኔታ እሺ አሉ። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ምክንያት፣ ጠያቂ የሚያስበው ጥያቄው ምን ያህል ሸክም እንደሆነ ብቻ ነው፣ ፊት ለፊት ቆሞ እምቢ ማለት ለተጠያቂው ምን ያህል እንደሚከብድ ግን አይታየውም የሚል ነው። ወደ አንቺ ጉዳይ ሳመጣው፣ ባልደረባሽ ቢከብዳት ኖሮ ትነግረኝ ነበር ብለው እያሰቡ መሆናቸው በጣም የሚገመት ነው። አንቺ ደግሞ ቢያስቡልኝ ኖሮ ራሳቸው ይተዉት ነበር እያልሽ ስምንት ወር ጠበቅሽ። በዚህ ሁኔታ አንዳችሁ ካልተናገራችሁ ነገሩ በራሱ አይቆምም፤ መናገር ያለብሽ ደግሞ አንቺ ነሽ፣ ምክንያቱም የሚከብደው አንቺን ነው።

ከመናገርሽ በፊት አንድ ወረቀት ያዢና የምትተዪውንና የማትተዪውን ለይተሽ ጻፊ። አንድ ሰው በሌላው ሥራ ላይ የሚሰጠው እርዳታ ሦስት ዓይነት ነው። ሥራውን መሥራት አንዱ ነው፤ አሠራሩን ማሳየት ሁለተኛው ነው፤ ሲሠራ ለሚገጥመው ጥያቄ መልስ መስጠት ሦስተኛው ነው። በእኔ አመለካከት አንቺ መተው ያለብሽ የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ ነው። ሁለተኛውን አንድ ጊዜ፣ ለተወሰነ ሰዓት ብትሰጫቸው መልካም ነው። ሦስተኛውን ደግሞ ማንኛውም ባልደረባ ለሌላው የሚያደርገው ስለሆነ አትንፈጊያቸው። ይህን ሳትለዪ ከገባሽ ንግግሩ መሃል ላይ ሲያዝኑ ታያለሽ፣ ሆድሽ ይባባል፣ ከአፍሽም «እሺ፣ ቢያንስ ሠንጠረዡን እኔ ልሥራው» የሚል ይወጣል። ሠንጠረዡ ደግሞ ከግማሽ ቀኑ ትልቁን ድርሻ የሚበላው ክፍል ሊሆን ይችላል።

እዚያው ወረቀት ላይ ሌላም ነገር አጣሪ። ሪፖርቱ በእርግጥ የእሳቸው ኃላፊነት ነው? በሥራ መደብ መዘርዝራቸው ላይ አለ? የሚፈርሙበት እሳቸው ናቸው? አለቃችሁ በስምንቱ ወር ውስጥ ሥራውን ወደ አንቺ አዛውሮት እንደሆነስ? ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ነው። አለቃው ሪፖርቱን የምትልኪው አንቺ መሆንሽን እያየ ዝም ካለ ሥራው የአንቺ ነው ብሎ ይዞት ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ከባልደረባሽ በፊት አለቃሽን ማነጋገር ይኖርብሻል፤ የምትጠይቂውም «ይህ ሥራ የማን ነው?» ብለሽ እንጂ ማንንም እየከሰስሽ አይደለም። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ግን ሪፖርቱ የሚሄደው በእሳቸው ስም ነው፤ የምቀጥለውም በዚያው ይዤ ነው።

አሁን ቀኑ። ጥያቄው የሚመጣው ወር ሊያልቅ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀረው ነው እንበል። በዚያ ቀን እምቢ ካልሽ የምትናገሪው ቃል ምንም ያህል ለስላሳ ቢሆን ውጤቱ ጨካኝ ነው፤ ሰውየው ሌላ መፍትሔ የሚፈልጉበት ጊዜ የላቸውም፣ ሪፖርቱ ከዘገየም ያዘገየሽው አንቺ ትሆኛለሽ። ይህን አንቺም ስለምታውቂው በዚያ ቀን እምቢ ለማለት አቅም ታጫለሽ። እምቢታሽ ጥያቄው ከመምጣቱ በፊት መቅደም አለበት። ወሩ በገባ ከ8ኛው እስከ 12ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ንገሪያቸው። ያለፈው ወር ግርግር አልፏል፣ የሚቀጥለው አልደረሰም፣ ሁለታችሁም ረጋ ብላችኋል። ከሁለት ሳምንት በላይም ይተርፋቸዋል። እምቢታን ደግ የሚያደርገው ከቃሉ ይልቅ ይህ ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ።

በጽሑፍ አትላኪው። ስምንት ወር የዘለቀ ነገር በሁለት መስመር መልእክት ሲቆም በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው ንቀት ሆኖ ይነበባል፤ ድምፅሽ ስለማይሰማ ባዶውን ቦታ በራሳቸው ግምት ይሞሉታል። ሰው በተሰበሰበበትም አታንሺው። ሌላ ባልደረባ ከሰማ ነገሩ ስለ ሪፖርቱ መሆኑ ይቀርና ስለ ክብራቸው ይሆናል። ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ ጠረጴዛቸው ጋ ሄደሽ፣ ቁጭ ብለሽ ተናገሪ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። «ሻይ ልጋብዝዎት፣ የምነግርዎት ነገር አለ» ብለሽ ከቀኑ በፊት ቀጠሮ አትያዢ፤ ትልቅ ጉዳይ ያስመስለዋል፣ እሳቸውም እስከዚያው ሲጨነቁ ያድራሉ።

የምትናገሪው ይህን ይመስላል፦

«ጋሼ፣ ስለ ወር መጨረሻው ሪፖርት ልንገርዎት ብዬ ነው። ከዚህ ወር ጀምሮ እኔ አልሠራውም። የራሴን ሥራ እያመሸሁ ነው የምጨርሰው፣ በዚህ ልቀጥል አልቻልኩም። አሠራሩን ግን ላሳይዎት እችላለሁ፤ ከአሁን እስከ 20 ድረስ የሚመችዎትን አንድ ሰዓት ይንገሩኝና አብረን እንቀመጥ።»

አራት ዓረፍተ ነገር ናት። ላሳጥራት ካልሽ ይቻላል፣ ማስረዘሙ ግን ይጎዳሻል። ለምን እንደዚህ እንደተሠራች ላስረዳሽ፤ ስታውቂው እንዳንቺ አነጋገር ለመለወጥ ይቀልሻል።

ውሳኔው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ብዙ ሰው ውሳኔውን መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ስለ ጤና፣ ስለ ሥራ ብዛት፣ ስለ ቤት ኃላፊነት አምስት ደቂቃ ከተናገረ በኋላ «እና… ምናልባት ሪፖርቱን…» ይላል። አድማጩ እስከዚያው የሰማው የችግር ዝርዝር ነው፤ የሚሰጠውም ማጽናኛና ምክር ይሆናል። ውሳኔው ቀድሞ ሲነገር ግን ቀሪው ማብራሪያ ሆኖ ይሰማል። «ከዚህ ወር ጀምሮ» የሚለውንም አትተዪው፤ የዚህ ወር ብቻ አለመሆኑን የሚናገረው እሱ ነው።

ምክንያቱ አንድ ነው፣ እውነት ነው፣ የሚያልፍም አይደለም። ሦስት ምክንያት የሚያቀርብ ሰው ይበልጥ ያሳመነ ይመስለዋል፤ ሰሚው ግን የሚይዘው ከሦስቱ ደካማውን ነው። «ሥራ በዝቶብኛል፣ ዓይኔንም እያመመኝ ነው፣ ኮምፒውተሬም ዘገምተኛ ነው» ካልሽ «በእኔ ኮምፒውተር ሥሪው» ይሉሻል። ያንን ከመለሱ በኋላ ሌሎቹ ሁለት የተረሱ ያህል ነው።

እንደ እሺታ የሚሰሙ ቃላትም አሉ፤ ከዓረፍተ ነገሮችሽ ውስጥ አውጫቸው። «እሞክራለሁ» ማለት ለጠያቂ ይሠራል ማለት ነው። «እስቲ እናያለን»፣ «ከቻልኩ»፣ «ለጊዜው» ሁሉም ወሩ መጨረሻ ላይ ተመልሶ የሚያስጠይቅ ተስፋ ይሰጣሉ። «ይቅርታ» ማለት ከፈለግሽ አንድ ጊዜ በቂ ነው። ደጋግመሽ ስትይው ያጠፋሽ ሰው ትመስያለሽ፤ ያጠፋ ሰው ደግሞ የሚጠበቅበት ካሳ መክፈል ነው፣ ካሳውም ሪፖርቱ ይሆናል።

ከአራተኛው ዓረፍተ ነገር በኋላ ዝም በዪ። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ዝምታው አምስት ሰኮንድ ቢቆይ ረጅም ይመስልሻል፣ በዚያ ጭንቀት ውስጥም የሰጠሽውን ውሳኔ ራስሽ ማፍረስ ትጀምሪያለሽ። እሳቸው እያሰቡ ነው፤ ይጨርሱ።

ከዚያ የሚመጣውን መልስ ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፣ በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ ላይ ግን የሚደጋገሙ መልሶች አሉ።

«ይህን ወር ብቻ ሥሪልኝ፣ ከሚቀጥለው እኔ እጀምራለሁ» ሊሉሽ ይችላሉ። ምክንያታዊ ስለሚመስል ከሁሉም የሚያታልለው ይህ ነው። ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ቀድመሽ የነገርሻቸው ለዚህ ነበር። «ለዚህ ወር እንዲደርስልዎት ብዬ ነው ዛሬ የነገርኩዎት፤ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ብንቀመጥ እስከ ወሩ መጨረሻ ይለማመዱታል» በያቸው። አንድ ወር መጨመር ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን ውሳኔሽ ሲገፋ የሚንቀሳቀስ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ታሳያቸዋለሽ።

«ከሥራሽ እኔ ልውሰድልሽና አንቺ ሪፖርቱን ሥሪ» ካሉሽ የቀና ሐሳብ ነው፤ በንቀት አትመልሺው። ችግሩ ሁለታችሁ ብቻችሁን ሥራ መለዋወጥ አትችሉም፤ ስህተት ሲገኝ ተጠያቂው ማን እንደሆነ አይታወቅም። «እሱን አለቃችን ካልፈቀደ እኛ ልናደርገው አንችልም፤ ከፈለጉ እርስዎ ያቅርቡትና ይወሰን» ማለት ይበቃል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ከሁሉም የሚያመው «እኔ አስተምሬሽ ለዚህ የበቃሽ ልጅ!» የሚለው ነው። ደብዳቤሽን ሳነበው እስካሁን ያሰረሽ ይኸው ሐቅ ይመስለኛል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ልቆይ። ውለታቸው እውነት ነው፤ መካድም ማሳነስም የለብሽም። ግን የሰጡሽ ምን እንደነበር አስተውዪ። ሥራሽን አልሠሩልሽም፤ እንዴት እንደሚሠራ አሳዩሽ። አጠገብሽ ተቀመጡ፣ የተሳሳትሽውን አረሙ፣ ከዚያ ለቀቁሽ። ውለታውን በተሰጠበት ዓይነት መመለስ ከፈለግሽ የሚመለሰው በማሳየት ነው፤ ያዘጋጀሽላቸው አንድ ሰዓት ይኸው ነው። «ያስተማሩኝን አልረሳሁም ጋሼ። እርስዎ እንዳስተማሩኝ እኔም ቁጭ ብዬ አሳይዎታለሁ» ስትያቸው ማስመሰል የለበትም፣ እውነቱን ነው የምትናገሪው። ድምፅሽን ሳትለውጪ፣ ሳትቸኩዪ በዪው። ከዚያ በላይ ስለ ውለታ አትከራከሪ፤ ማን ለማን ምን እንዳደረገ መቁጠር ከጀመራችሁ ሁለታችሁም የምትናገሩት ነገር በኋላ ያስቆጫችኋል።

አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይሉም። «እሺ» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፣ ሰዓትም አይመርጡም። ይህ «እሺ» ስምምነት ነው ብለሽ አትደምድሚ። በሦስተኛው ቀን ሄደሽ «ማክሰኞ ጠዋት ወይስ ሐሙስ ከሰዓት ይሻልዎታል?» ብለሽ ሁለት ምርጫ አቅርቢ። ሁለቱንም ከገፉት በ18ኛው ቀን አንድ ጊዜ ደግመሽ አስታውሺ። ከዚያ በኋላ መከተል ያንቺ ድርሻ አይደለም።

አንዱን ሰዓት እንዴት እንደምትጠቀሙበት ውጤቱን ይወስነዋል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። የሚያሳየው ሰው ማውሱን ይዞ በፍጥነት ይሠራል፣ የሚማረው ጎን ተቀምጦ «ገባኝ፣ ገባኝ» ይላል፣ ሲያበቁ ሪፖርቱ ተሠርቷል፣ የተማረ ግን የለም። አንቺም ሳታውቂው ሪፖርቱን ሠራሽላቸው ማለት ነው። ስለዚህ የዚህን ወር መረጃ አትንኩ፤ ያለፈውን ወር ፋይል ክፈቱ። ትክክለኛው መልስ ስለሚታወቅ የደረሱበትን ድምር ከተላከው ጋር እያስተያያችሁ የት እንደተሳሳቱ ወዲያው ታያላችሁ። ማውሱንም ኪቦርዱንም የሚይዙት እሳቸው ይሁኑ፤ አንቺ እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች መረጃው ከየት እንደሚመጣና በምን ስም እንደሚቀመጥ ንገሪያቸው። ቀጥለው ግማሽ ሰዓት ያህል ራሳቸው ይሥሩት፤ ሁለት ጊዜ የገባ ሽያጭ መፈለግ፣ በምርት ዓይነት መደመር፣ ካለፈው ወር ጋር ማነጻጸር። በቀረው ጊዜ የሠሩትን ቅደም ተከተል በራሳቸው እጅ ጽሑፍ ይጻፉ። አንቺ የጻፍሽው ማስታወሻ የአንቺ ቋንቋ ነው፤ ወር ቆይተው ሲያነቡት አይገባቸውም። የራሳቸው ከሆነ ግን «ቢጫው ላይ ጠቅ» የሚል ቢሆን እንኳ ያስታውሳቸዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ሲሠሩት ካንቺ ግማሽ ቀን በላይ ሊወስድባቸው ይችላል። ያ ተፈጥሯዊ ነው፤ «ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ» ሲሉሽ እንደ ወቀሳ አትስሚው። ሲሠሩ ጥያቄ ካላቸው መልሺ፣ ግን ወንበራቸው ላይ አትቀመጪ፤ ፋይሉንም ወደ አንቺ አያምጡት። «ይህ ድምር ለምን አልመጣም?» ለሚል ጥያቄ «ሦስተኛው አምድ ላይ ክፍት ቦታ ይኖራል፣ ይዩት» የሚል መልስ ይበቃል። ጥያቄዎቹ «እንዴት» ብለው የሚጀምሩ ከሆነ ነገሩ መስመር ይዟል። «አንድ ጊዜ ብታይልኝ» ወይም «ጨርሰሽ ብትልኪልኝ» ከሆኑ ሥራው ተመልሶ እየመጣ ነው።

አሁን ወደሚያስቸግረው ቀን እንምጣ። ሁሉንም በትክክል አድርገሽ እንኳ በ28ኛው ቀን ፋይሉ በኢሜይል ሊመጣ ይችላል፤ «እስቲ ለዛሬ» የሚል አንድ መስመር ይዞ፣ ወይም ምንም ሳይጽፉ። ያኔ የምታደርጊው ከንግግሩ ቀን ይበልጥ ይወስናል። ቢ.ኤፍ. ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በእንስሳት ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች ያሳየው አንድ ነገር አለ፤ ሁልጊዜ ሲሸለም የቆየ ድርጊት ሽልማቱ ሲቋረጥ ቶሎ ይቆማል፣ አንዳንዴ ብቻ ሲሸለም የቆየ ግን ሽልማቱ ከቀረም በኋላ ረጅም ጊዜ ይቀጥላል። ሁለት ወር እምቢ ብለሽ በሦስተኛው ወር ብትሠሪላቸው የሚማሩት ይህንኑ ነው፤ ደጋግሞ መጠየቅ ያዋጣል። ከዚያ በኋላ ማቆሙ አሁን ካለው ይበልጥ ይከብድሻል።

ፋይሉን አትክፈቺው። ከፈትሽው ማለት ስህተት ታያለሽ፣ ስህተት ካየሽ እጅሽ አያርፍም። ዝም ብለሽም አታሳድሪው፤ ዝምታሽ እየሠራች ነው ተብሎ ይታሰባልና በማግሥቱ ሪፖርቱ የለም ሲባል ጥፋቱ የአንቺ ይሆናል። ባየሽው በአንድ ሰዓት ውስጥ መልሺ። እዚህ ላይ ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ዋናውን በቃል ነግረሻቸዋል፣ ይህ ማስታወሻ ብቻ ነው፣ ቀኑና ሰዓቱም ተመዝግቦ ይቀመጣል። «ጋሼ፣ ፋይሉ ደርሶኛል። ወሩ በገባ በ10ኛው ቀን እንደነገርኩዎት ሪፖርቱን እኔ አልሠራውም፤ ጊዜ እንዳያልፍብዎት ብዬ ነው አሁኑኑ የመለስኩልዎት። ሲሠሩ የሚያስቸግርዎት ቦታ ካለ እስከ 10 ሰዓት ቢሮ አለሁ፣ ይጠይቁኝ» የሚል ይበቃል። ሌላ ሰው በግልባጭ አታስገቢ። አለቃውን በግልባጭ ማስገባት ክስ ነው፤ ለአንድ መሳሳት ክስ አይገባም።

ሪፖርቱ በዚያ ወር ቢዘገይ ምን ይሆናል? ይዘገያል። አለቃችሁ አንቺን ከጠየቀ ሁለቱም ወገን እውነት ሆኖ የሚያገኘውን ብቻ ተናገሪ፤ «ለተወሰነ ጊዜ አግዣቸው ነበር፣ ከዚህ ወር ጀምሮ እሳቸው ናቸው የሚሠሩት፤ አሠራሩን አሳይቻቸዋለሁ።» ስምንት ወር ያልሽውን ቁጥር፣ ያመሸሽባቸውን ቀናት አታንሺ፤ ካልተጠየቅሽ ማንንም አይጠቅምም። ሪፖርቱ እንዳይዘገይ ብለሽ በመጨረሻው ሰዓት መግባት ግን ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው፤ ስምንት ወር የቆየሽው በዚህ መንገድ ነው።

እውነተኛ ችግር ቢገጥማቸውስ? ሰው ነን፤ ልጁ ተመልሶ ሊታመም ይችላል፣ ያኔ እምቢ እንድትዪ አልመክርሽም። የምትለዪው እንዲህ ነው። ችግሩ አዲስ መሆን አለበት፣ ማለትም ባለፈው ወር ያልነበረ። የሚያበቃበት ጊዜ ሊነገር መቻል አለበት። እሳቸውም ለአለቃችሁ ራሳቸው ለማሳወቅ ፈቃደኛ መሆን አለባቸው። እነዚህ ከተሟሉ እሺ በዪ፣ ግን ከስምንት ወር በፊት ያልተባለውን አሁን በዪ፦ «የዚህን ወር እሠራልዎታለሁ፣ የሚቀጥለውን እርስዎ ይሠሩታል። ለአለቃችን እርስዎ ይንገሩልኝ።» በመጀመሪያው ቀን የመጨረሻው ቀን ቢነገር ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር፤ ጥፋተኛ ማንም አይደለም፣ ልጅ ሆስፒታል ሲገባ ስለ ቀን የሚያስብ የለም።

እምቢ ካልሽ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ቀዝቀዝ ሊሉሽ ይችላሉ። ሰላምታው ያጥራል፣ ምሳ ላይ ሌላ ጠረጴዛ ይመርጣሉ። በዚህ ጊዜ ሁለት ፈተና አለ። አንዱ አንቺም መቀዝቀዝ ነው፤ አታድርጊው። እንደ ወትሮው ቀድመሽ ሰላም በዪ፣ ስለ ልጃቸው ጤና ጠይቂ፣ ሥራ ነክ ነገር ስትፈልጊ ሄደሽ አማክሪያቸው። በተለይ ማማከሩን አትርሺ፤ የተናቁ የመሰላቸውን ሰው «አሁንም አስተማሪዬ ነዎት» ብሎ ከመናገር ይልቅ ሥራ ይዞ ሄዶ መጠየቅ ያሳምናል። ሁለተኛው ፈተና ሌላ ውለታ ሰጥቶ ማካካስ ነው። ሪፖርቱን ትተሽ ደብዳቤያቸውን መጻፍ፣ ስብሰባ ላይ በእሳቸው ምትክ መግባት ከጀመርሽ ከአንድ ወር ሥራ ወጥተሽ ወደ ሌላው ገባሽ።

አንድ ነገር ብቻ ውሳኔሽን እንደገና እንድታዪው ሊያደርግሽ ይገባል። አንዱን ሰዓት አብራችሁ ስትቀመጡ በእርግጥ የማይችሉት ሆኖ ብታገኚውስ? ኤክሴል መክፈት የሚያስቸግራቸው፣ ቁጥሮቹ የማይነበቡላቸው፣ የፋይሉ ቦታ ደጋግሞ የሚጠፋባቸው ከሆነ ስምንት ወር ያስጠየቃቸው ስንፍና ሳይሆን እፍረት ሊሆን ይችላል። በዕድሜ ለሚያንስ ሰው «አላውቀውም» ማለት ይከብዳል። ይህን ካየሽ ያኔም ሪፖርቱን አንቺ አትሥሪው፤ ደብቀሽላቸው የምትቆዪው ነገር የባሰ ይጎዳቸዋል፣ አንቺ ሥራ የቀየርሽ ዕለት ይገለጣል። ሰው በሌለበት እንዲህ በያቸው፦ «ጋሼ፣ ይህ በአንድ ሰዓት የሚያልቅ አይደለም፤ ሥልጠና ያስፈልገዋል። ለአለቃችን እርስዎ ቢጠይቁ ይሻላል። ከፈለጉ ሲጠይቁ አብሬዎት እሄዳለሁ።» እስከዚያ ድረስ ሪፖርቱን ማን እንደሚሠራው አለቃችሁ ይወስን፤ ለአንቺም ከሰጠሽ በይፋ፣ ከሌላ ሥራሽ ላይ ተቀንሶልሽ፣ የሚያበቃበት ወር ተነግሮሽ ይሁን።